ጭብጨባው ሌላ፣ ዜናው ሌላ

ንግግር ሊዘግብ የተላከ ጀማሪ ሪፖርተር ወደ ዴስክ ሲመለስ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ምን አሉ?» ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ስለ ሰላም ተናገሩ፣ ስለ አንድነት ተናገሩ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ» የሚል ነው። «ስለ» ሲበዛ ልጁ ዜናውን እዚያው አዳራሽ ትቶት እንደመጣ ይገባኛል። ስለ ምን እንደሚናገሩማ የጥሪ ካርዱም ይነግረን ነበር። እኔ የምፈልገው ተናጋሪው ከመቆማቸው በፊት ያልነበረውን፣ ከተቀመጡ በኋላ ግን ያለውን ነገር ነው።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። አንድ ሰዓት በሚፈጅ ንግግር ውስጥ ግን ታሪክ አለ፣ ምስጋና አለ፣ ምሳሌያዊ አነጋገር አለ፣ ተቀናቃኝን መጎነጥ አለ፣ ለዓመታት የተደጋገመ ተስፋ አለ። ዜናው በዚህ ሁሉ መሐል አንዳንዴ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆኖ፣ ድምፅ ሳይቀየር፣ ማንም ሳያጨበጭብለት ያልፋል። ይህን ለማሳየት ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰውን አንድ ንግግር ልውሰድ።

ሰኞ መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቃለ መሐላ ፈጽመው ለመጀመሪያ ጊዜ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ተናገሩ። አገሪቱ ዓመታት ካስቆጠረ ተቃውሞ ገና አልወጣችም። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ በየካቲት አስታውቀዋል፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ወጥቷል። ሰው በየቤቱና በየቡና ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ያዳምጥ ነበር። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ አገር ፍቅር ተናገሩ፤ ስንኖር ኢትዮጵያዊ፣ ስንሞት ኢትዮጵያ ስለመሆን ያነሱት ሐረግ በማግስቱ በየታክሲው ይጠቀስ ጀመር። እናታቸውንና ባለቤታቸውን አመሰገኑ፤ ይህም በዚያ መድረክ ያልተለመደ ነበርና ብዙ ሰው አስለቀሰ። ተቃዋሚ ፓርቲዎችን «ተፎካካሪ» ብለው ጠሩ። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው እንዲመጡ ጋበዙ። በተቃውሞው ሕይወታቸው ለተቀጠፈና ለተጎዱ ዜጎች ይቅርታ ጠየቁ። በዚህ መሐል ከኤርትራ ጋር ለዓመታት የቆየው አለመግባባት እንዲያበቃ መንግሥታቸው ከልብ እንደሚፈልግና የበኩሉን እንደሚወጣ ተናግረው፣ የኤርትራ መንግሥትም ተመሳሳይ አቋም እንዲይዝ ጥሪ አቀረቡ።

እንግዲህ ሪፖርተሩ እነዚህን ሁሉ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይዞ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ዋና አዘጋጁ ርዕስ ይፈልጋል። የትኛው ነው ዜናው?

ዛሬ ላይ ሆነን «የኤርትራው ነዋ!» ማለት ቀላል ነው፤ ቀጥሎ የመጣውን አይተናልና። የዚያን ዕለት ከሰዓት ግን ወደፊት የሚያሳይ መነጽር ማንም አልነበረውም። ሪፖርተሩ የነበሩት መሣሪያዎች ሁለት ናቸው፤ የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አንቀጽና የዝግጅት ክፍሉ ማኅደር።

ከማሰሪያ አንቀጹ ልጀምር። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አድማጭ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ የተናጋሪውን ቁርጥ ነገር አያውቅም። «የኑሮ ውድነቱን ለማስቆም አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ...» ሲባል አዳራሹ ማጨብጨብ ሊጀምር ይችላል። ሪፖርተሩ ግን እስክሪብቶውን ይዞ መጠበቅ አለበት። ቀጥሎ የሚመጣው «ወስደናል» ነው? «እንወስዳለን» ነው? «ለመውሰድ ዝግጁ ነን» ነው? ወይስ «መወሰድ ይኖርበታል»? በመጀመሪያው ድርጊቱ ተፈጽሟል፤ ማስረጃ ሊጠየቅበት ይችላል። በሁለተኛው ተናጋሪው ራሱን አስሯል፤ ቀን ቢጠየቅ ያስኬዳል። በሦስተኛው በሩን ገርበብ አድርጎ ቆሟል። በአራተኛው ማን እንደሚወስደው እንኳ አልተነገረም። ባለቤት የሌለው «ይደረጋል» እና «መደረግ አለበት» በፖለቲካ ንግግር ውስጥ እንደ አሸዋ የበዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሰሙት ደስ ይላቸዋል፣ የተናገረውን ግን አያስጠይቁትም።

እኔ ጀማሪዎችን የማስለምዳቸው ማስታወሻ ሲይዙ በገጹ ቀኝ ጠርዝ ማሰሪያ አንቀጹን ብቻ ለይተው እንዲጽፉ ነው፤ ከጎኑ ደግሞ ሰዓቱን። ንግግሩ ሲያልቅ ያንን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ያነቡታል። «ነው፣ ነው፣ ነበር፣ ይገባል፣ ነው፣ አለበት፣ ይገባል...» እያለ ይወርድና ድንገት «ወስነናል» ወይም «እንልካለን» የሚል ይገኛል። ጣት እዚያ ላይ ይቆማል። ሰዓቱ የተጻፈው ቅጂው ላይ ያንኑ ቦታ ፈልጎ ቃል በቃል ለመስማት ነው። በጆሮ የያዙትን ጥቅስ ከቅጂ ሳያመሳክሩ ማውጣት የሚያስከትለውን ጣጣ አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ሁለተኛ አይደግመውም።

በዚህ መለኪያ የመጋቢት 24ቱን ንግግር እንየው። ስለ አገር ፍቅር የተነገረው ውብ ሐረግ «እንዲህ ነን» የሚል ነው፤ ማንንም ምንም እንዲያደርግ አያስገድድም። የእናትና የሚስት ምስጋናው ልብ የሚነካ ትዕይንት ነው፤ ጥሩ የገጽታ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ የመንግሥትን አካሄድ ግን አይለውጥም። ይቅርታው ሌላ ነው። «ይቅርታ እጠይቃለሁ» ማለት ራሱ ድርጊት ነው፤ ከአፍ እንደወጣ ተፈጽሟል። የኤርትራውም እንደዚሁ ጠንከር ያለ ነው፤ ፍላጎት አለ፣ የራስን ድርሻ ስለመወጣት ቃል አለ፣ በስም የተጠራና መልስ የሚጠበቅበት ሌላ ወገንም አለ። መልስ የሚጠበቅበት ወገን መኖሩን ልብ በሉ። ዓረፍተ ነገሩን ሰምቶ ነገ ጠዋት «እሺ» ወይም «እምቢ» ማለት ያለበት ሰው ካለ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ዜና የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። «ተፎካካሪ» የምትለው ቃል ግን ታታልላለች፤ አንድ ቃል ብቻ ስለሆነች በቀላሉ ታልፋለች። ነገር ግን መንግሥት ሲጠቀምበት የኖረውን ስም በገዛ አንደበቱ ሲለውጥ ልማዱ መለወጡን መናገሩ ነው። መግቢያ ባትሆንም ሦስተኛ ወይም አራተኛ አንቀጽ ላይ መግባት ያለባት ነች።

ሁለቱ ጠንካራ ዕጩዎች ይቅርታውና ኤርትራ ናቸው። እዚህ ላይ ማኅደሩ ይከፈታል፤ ቀጣዩ ጥያቄ «ከዚህ በፊት ተብሏል ወይ?» ነውና።

ብዙ ሪፖርተር የሚሳሳተው እዚህ ነው። ለራሱ አዲስ የሆነበት ሁሉ ለአገሩም አዲስ ይመስለዋል። ከኤርትራ ጋር ለመነጋገር መፈለግ በ2010 ዓ.ም. አዲስ ነገር አልነበረም። በ1990 ዓ.ም. የተጀመረውን ጦርነት የቋጨው የአልጀርስ ስምምነት የተፈረመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን ሰጠ፤ ባድመም ለኤርትራ ተወሰነች። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. በአምስት ነጥብ ሐሳብ ውሳኔውን «በመርህ ደረጃ» ተቀበለች፤ ነገር ግን ተግባራዊ ከመሆኑ በፊት ውይይት ይኑር አለች። ኤርትራ ደግሞ መጀመሪያ ውሳኔው ይፈጸም፣ ውይይት ከዚያ በኋላ አለች። አቶ ኃይለማርያም በ2005 ዓ.ም. ለአልጀዚራ ሲናገሩ አስመራ ድረስ ሄደው ለመነጋገር ዝግጁ መሆናቸውን ገልጸው ነበር። ይህን ዳራ የሚያውቅ አርታኢ የመጋቢቱን ጥሪ ሲሰማ «ይሄማ የኖረ አቋም ነው» ብሎ ወደ ስድስተኛ አንቀጽ ቢያወርደው አላዋቂ አያሰኘውም።

ይቅርታውም ቢሆን ፍጹም አዲስ አልነበረም፤ የገዢው ግንባር መሪዎች ከዚያ በፊትም ይቅርታ ጠይቀዋል። ታዲያ አዲሱ ምኑ ላይ ነው? አንዱ አዲስነት ተናጋሪው ራሳቸው አዲስ መሆናቸው ነው። ሌላው ቦታው ነው፤ የበዓለ ሲመት ንግግር በጥንቃቄ የሚመጠን ነው፤ እዚያ የገባ ነገር ቅድሚያ የተሰጠው መሆኑን ያሳያል። በቃለ መጠይቅ ለተጠየቁት ጥያቄ «ዝግጁ ነኝ» ማለትና ማንም ሳይጠይቅ በመጀመሪያው ቀን፣ በፓርላማ፣ ጎረቤትን ጠርቶ መናገር አንድ አይደሉም። ስለዚህ የማኅደሩ ሥራ ዜናውን መግደል ብቻ አይደለም፤ አዲስነቱ በቃሉ ይሁን በቦታው ወይም በተናጋሪው ለይቶ ያሳያል።

የእኔ ፍርድ የሚከተለው ነው። ለአገር ውስጥ ጋዜጣ ይቅርታው ይቀድማል፤ ልጁን የቀበረ አንባቢ አለና። ከአገር ውጭ ለሚያሰራጭ የዜና ወኪል ኤርትራ ይቀድማል። በዋሽንግተን ለሚተላለፍ የአማርኛ ሬዲዮ ደግሞ የ«ኑ ግቡ» ጥሪው ከሁለቱ ጋር ይታገላል፤ አድማጩ ራሱ ነው የተጠራው። አንድ ንግግር ሦስት ቅን መግቢያዎች ሊኖሩት ይችላሉ። ቅን ያልሆነው መግቢያ አራተኛው ነው፤ እሱም ይህን ይመስላል፦

«አዲሱ የኢፌዴሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ዛሬ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በተካሄደው ልዩ ስብሰባ ላይ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ በኋላ ባደረጉት ንግግር በአገራዊ፣ አህጉራዊና ዓለም አቀፋዊ ጉዳዮች ዙሪያ ሰፊ ማብራሪያ መስጠታቸው ተገለጸ።»

አንድም የተሳሳተ ነገር የለበትም። አንድም የተነገረ ነገር ግን የለበትም። ይህ መግቢያ የትናንቱም የከርሞውም ንግግር ላይ ይሠራል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ለሰነፍ ጸሐፊ ይመቸዋል፤ ማዕረጉን፣ አዳራሹንና ሥነ ሥርዓቱን ከፊት ሲደረድር አንባቢ ግሡ ጋ ሳይደርስ ይደክመዋል። መድኃኒቱ ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር ነው፦

«ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተቃውሞው ለሞቱና ለተጎዱ ዜጎች ይቅርታ ጠየቁ። ከኤርትራ ጋር ያለው አለመግባባት እንዲያበቃም ለአስመራ መንግሥት ጥሪ አቀረቡ።»

ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገሮች፤ ሁለት ግሦች። መቼና የት የሚለው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይመጣል፤ አይጠፋም።

መግቢያው ከቆመ በኋላ ታሪኩ የሚገነባው ለመግቢያው ነው እንጂ ለንግግሩ ቅደም ተከተል አይደለም። ይህን ማስለመድ ከሁሉ ያስቸግራል። ሪፖርተሩ ንግግሩን በሰማበት ተራ ሊጽፈው ይፈልጋል፤ «በመቀጠልም»፣ «አያይዘውም»፣ «በመጨረሻም» እያለ። እንዲህ ሲሆን ቃለ ጉባኤ እንጂ ዜና አይወጣም። ኤርትራን መግቢያ ካደረግን ሁለተኛው አንቀጽ ቃል በቃል የተናገሩት ነው፤ ያውም ከፊቱና ከኋላው ያለውን ዓረፍተ ነገር አይተን፣ ትርጉሙን የሚያጠብ ወይም የሚያሰፋ ነገር እንዳልተውን አረጋግጠን። ሦስተኛው አንቀጽ ያ ጥሪ ከቀድሞው አቋም የሚለይበትን ወይም የሚመሳሰልበትን ያስረዳል፤ አልጀርስና ባድመ የሚገቡት እዚህ ነው፣ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር። አራተኛው ያልተባለውን ይናገራል። የዚያን ዕለት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰላም እንፈልጋለን አሉ እንጂ የድንበር ኮሚሽኑን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ እንፈጽማለን አላሉም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሪፖርተር ከሁለት ወር በኋላ ለመጣው ዜና መሠረቱን አስቀምጧል። ከዚያ የሌላው ወገን ምላሽ ይጠየቃል። የቀሩት የንግግሩ ነጥቦች በአጭሩ ተጠቃለው ይገባሉ፤ ጭብጨባውና እንባው ቦታ ከተረፈ መጨረሻ ላይ።

የዘገባ ግሡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «አሉ» እና «ተናገሩ» ንጹሕ ናቸው። «አስታወቁ» ግን አዲስ መረጃ ሲሰጥ እንጂ ምኞት ሲገለጽ አይሆንም። «አመኑ» የተደበቀ ነገር እንደነበረ ያስመስላል። «አስጠነቀቁ» ዛቻ ይጨምራል። «አረጋገጡ» ደግሞ ጋዜጠኛው ራሱ እንደመሰከረ ያደርገዋል፤ የእኛ አገር ዜና ይህንን ቃል በጣም ያበዛዋል፣ ባይበዛ ደስ ይለኛል። «ጥሪ አቀረቡ» ለመጋቢቱ ንግግር ልክ ነበር። «ወሰኑ» ግን ውሸት ይሆን ነበር።

ውሳኔው የመጣው ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የአልጀርስን ስምምነትና የድንበር ኮሚሽኑን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ ተግባራዊ እንደሚያደርግ ገለጸ። በዚያው መግለጫ ግን ሌላም ነበር፤ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ከኢትዮ ቴሌኮምና ከሌሎች ትልልቅ የመንግሥት ድርጅቶች ላይ ድርሻ ለባለሀብቶች እንደሚሸጥ። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ግዙፍ ነገሮች፣ ሁለቱም በ«ወስነናል» የታሰሩ፣ ሁለቱም አዲስ። እንዲህ ሲሆን አንዱን መግቢያ፣ ሌላውን ጭራ ማድረግ ስህተት ነው። ድንበሩንና አክሲዮኑን የሚያገናኝ ክር የለም፤ አንባቢዎቻቸውም ይለያያሉ። ሁለት ዜና ይጻፋል፣ በሁለት ርዕስ።

ሁለት ነገሮች በእርግጥ የተሳሰሩ ሲሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ለዚህ ከአሜሪካ አንድ ምሽት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1968 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ስለ ቬትናም ጦርነት በቴሌቪዥን ተናገሩ። ንግግሩ አርባ ደቂቃ ያህል ወሰደ። በአብዛኛው የሰሜን ቬትናም ክፍል ላይ የሚደረገው የአየር ድብደባ እንደሚቆም አስታወቁ፤ ለድርድር ዝግጁነታቸውን ገለጹ። ይህ በራሱ የዓለም ዜና ነበር፤ ቀድሞ የታደለውን ጽሑፍ የያዙ ጋዜጠኞችም መግቢያቸው በእጃቸው ነበር ማለት ይቻላል። የመጨረሻው ክፍል ግን በታደለው ጽሑፍ ላይ አልነበረም። ጆንሰን ንግግራቸውን የሚቋጩ በመሰለበት ሰዓት ፓርቲያቸው ለሌላ የሥልጣን ዘመን ዕጩ እንዲያደርጋቸው እንደማይጠይቁ፣ ቢያደርጋቸውም እንደማይቀበሉ ተናገሩ።

ያኔ ዝግጁ የነበረው መግቢያ ሁሉ ወደቀ። ይሁን እንጂ ድብደባ ማቆሙ ከዜናው አልወጣም፤ ምክንያት ሆኖ ተመለሰ። ጆንሰን እንደተናገሩት የአገሪቱ ልጆች በሩቅ የጦር ሜዳ እያሉ ጊዜያቸውን ለፓርቲ ፉክክር ማዋል አልፈለጉም። ስለዚህ «አልወዳደርም» ያሉት ይቀድማል፤ የሰላሙ እርምጃ ተከትሎ ይመጣና አንዱ ሌላውን ያስረዳል። ኒውዮርክ ታይምስም በማግስቱ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ የማይወዳደሩ መሆናቸውን አስቀድሞ፣ ርዕስ አደረጋቸው። የመጀመሪያው ቁርጥ ያለ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ግን ከፊል ነው፣ የሌላ ወገን ምላሽም ይጠብቃል። ቁርጥ ያለው ይቀድማል።

ከዚያ ምሽት የተማርኩት፣ እዚያ ባልኖርም፣ የታደለ ጽሑፍ መመሪያ እንጂ ማስረጃ አለመሆኑን ነው። በእኛም ዘንድ ቢሮው ጠዋት የላከው ጽሑፍና ከሰዓት የተነገረው ሲለያዩ አይቻለሁ። ጽሑፉን ይዞ፣ እርሳስ በእጁ አድርጎ፣ ተናጋሪው የዘለለውን የሚሰርዝ፣ የጨመረውን በጠርዙ የሚጽፍ ሪፖርተር ሁለት ጊዜ ይጠቀማል። የተዘለለው ዓረፍተ ነገር ራሱ ዜና ሊሆን ይችላልና። በስተመጨረሻም እስከ መዝጊያው ይቀመጣል። ትራፊኩን ሽሽት አሥር ደቂቃ ቀድሞ የወጣ ባልደረባ አለኝ፤ ዛሬም ድረስ እንስቅበታለን፣ እሱ ግን አይስቅም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን በአንዲት የዞን ከተማ አንድ ሹም ረጅም ንግግር አደረጉ። መሐል ላይ «በጀቱ ከተፈቀደልን መንገዱን በሚቀጥለው ዓመት እንጀምራለን» አሉ። እኔ «የመንገዱ ሥራ በሚቀጥለው ዓመት ይጀመራል» ብዬ ርዕስ አወጣሁ። አንዲት «ከ» ናት የጣልኳት። በዓመቱ ለሌላ ሥራ ወደዚያች ከተማ ስመለስ አንድ አዛውንት አወቁኝና «ልጄ፣ ያ መንገድ ምን በላው?» አሉኝ። ሹሙ አልዋሹም ነበር፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በፖለቲካ ንግግር ውስጥ «ከሆነ»፣ «ካልሆነ»፣ «እስከሆነ ድረስ» የምትለዋን ክፍል በቀይ አከብባታለሁ። «ካልተስማሙ እንገደዳለን» ማለትና «እንገደዳለን» ማለት በሁለት አገሮች መካከል ሲሆን ጦር ሊያማዝዝ ይችላል።

ሌላው የተለመደ ጥፋት ሁለት ቦታ የተነገረን ነገር በሦስት ነጥብ ሰፍቶ አንድ ጥቅስ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከጽሑፍ ውጭ የተወረወረ ቀልድን ርዕስ ማድረግ ነው። ቀልዱ ብዙ ሰው ያጋራዋል፤ በማግስቱ ግን ማንም ምንም አያደርግበትም። ምርጫው መሳሳቱን የምናውቅበት ቀላል መንገድ አለ፦ መግቢያውን ጽፈን ሦስተኛውን አንቀጽ መሙላት ካቃተን፣ ማለትም ዳራ፣ ምላሽና ውጤት ካላገኘንለት፣ የያዝነው ጌጥ ነው። ወደ ማስታወሻው ጠርዝ እንመለስ።

በዚያ ዓመት በሰኔ ይህ ሁሉ ልኬት ያለ ችግር የሠራበት ንግግር መጣ፤ ያውም ከወዲያኛው ወገን። ሰኔ 13 ቀን በኤርትራ የሰማዕታት ቀን ነው። ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ ለበዓሉ ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ስለ ተሰዉት፣ ስላለፉት የትግል ዓመታትና ስለደረሰው በደል ብዙ ይናገራል፤ በየዓመቱ የሚጠበቅ ነው። በዚያ መሐል ግን በአዲስ አበባ ያለውን ሁኔታ በቅርብ የሚያይና ቀጣዩን ሥራ የሚያቅድ ልዑክ እንደሚልኩ ተናገሩ። ማኅደር ማገላበጥ እንኳ አያስፈልግም፤ ከጦርነቱ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልተሰማም። ማን እንደሚልክ ታውቋል፣ ምን እንደሚላክ ታውቋል፣ ወዴት እንደሚላክ ታውቋል፤ የቀረው ቀኑ ብቻ ነው። የመጋቢቱ ጥሪ «መልስ የሚጠበቅበት ወገን አለው» ብለን ነበር፤ መልሱ ይኸው። የዚያን ቀን ስለ በዓሉ አከባበር የጻፈ ሪፖርተር ካለ፣ ስለ በዓሉ ጻፈ ማለት ነው።

ልዑኩ በስድስተኛው ቀን፣ ሰኔ 19 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ገባ። ሐምሌ 1 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስመራ አረፉ፤ በማግስቱም የሰላምና የወዳጅነት የጋራ መግለጫው ተፈረመ።